የትኛው ሠንጠረዥ ሪፖርቱ ውስጥ፣ የትኛው አባሪ ላይ? ከአንድ የድሬዳዋ የውሃ ጥናት የተነሣ ክር

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። በቅርቡ አንድ የውሃ ጥናት ሪፖርት አስረክቤያለሁ። በ4 ሰፈሮች 384 ቤቶችን ጠይቀናል፤ በየሰፈሩ 96። ያሠራኝን አካል አልጠራም። ሰፈሮቹንም ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ እያልኩ ነው የማወራችሁ። ቁጥሮቹን ለዚህ ውይይት ብዬ ቀይሬያቸዋለሁ፤ የነገሩ መልክ ግን ያው ነው።

መጠይቁ 38 ጥያቄ ነበረው። እኔ ደግሞ ከጥያቄ 1 ጀምሬ በተራ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ሄድኩ። ዋናው ክፍል ውስጥ 31 ሠንጠረዥ ገባ። ሰፈርን ከሰፈር የሚያነጻጽሩት ሠንጠረዦች ሰፋፊ ነበሩ። ለአንባቢ ይከብዳሉ ብዬ ሁሉንም አባሪ ላይ አደረግኳቸው፤ ከገጽ 61 በኋላ ማለት ነው።

ስብሰባው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ኃላፊው ያነበቡት ዋናውን ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ያገኙት፣ ቧንቧ ካላቸው ቤቶች 38 ከመቶዎቹ ውሃ የሚያገኙት በሳምንት ከ2 ቀን ባነሰ ጊዜ ነው የሚል ቁጥር ነው። ስለዚህ የውሃ ቦቴው ለአራቱም ሰፈር እኩል ይከፋፈል ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። አባሪው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ሰፈር ሀ ውስጥ 10 ከመቶ፣ ሰፈር መ ውስጥ 79 ከመቶ! ገጹን ገልጬ እስካሳይ ድረስ ሰዎች ተነሥተው ወጡ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የትኛው ሠንጠረዥ ዋናው ክፍል ውስጥ፣ የትኛው አባሪ ላይ መግባት እንዳለበት በምን ትወስናላችሁ? ሁለቱን ሠንጠረዦች ከነሪፖርቱ ረቂቅ ከታች አያይዣለሁ።

*(ክሩ ረዝሟል። ኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ።)*

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ ሳቢያን አካባቢ መረጃ በማስገባት ሥራ ላይ ካለ ልጅ ነው። በትሕትና ነው የጻፈው። እሱ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። ከ384ቱ ቤቶች 371ዱ ውሃ በጀሪካን ወይም በበርሜል እንደሚያጠራቅሙ ለመናገር ባለ ሁለት ረድፍ ሠንጠረዥ መሥራት ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። የኔን 31 አይቶ 14ቱ እንዲህ ዓይነት መሆናቸውን ቆጥሮ አሳየኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው።

መልስ 2

ሁለተኛው ሰው ጥያቄውን በሌላ መልክ ነው የተረዱት። ቢሮ የሚሠሩ ይመስላሉ። አባሪ ሲባል ከደብዳቤ ጋር የሚሸኘው ወረቀት መስሏቸው፣ የገጹ ብዛት ከደብዳቤው ግርጌ እንዴት እንደሚጻፍና በማን ማኅተም እንደሚወጣ በዝርዝር አስረዱኝ። አመስግኜ የኔ ጉዳይ ከሪፖርቱ ኋላ የሚገባው ክፍል መሆኑን ነገርኳቸው። ቀጥለው የሰጡት ምክር ግን ጠቀመኝ። እሳቸው ቢሮ ውስጥ አባሪ ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ተለይቶ ይቀራል፤ ፋይል ውስጥ የሚገባው የፊተኛው ወረቀት ነው። ሪፖርትም እንደዚያው ከሆነ፣ አባሪ ላይ የገባ ነገር ውሳኔ ሰጪው እጅ ላይ አይደርስም ብዬ ማሰብ አለብኝ ማለት ነው።

መልስ 3

አንድ የኮሌጅ መምህር ደንቡ አንድ ነው ብሎ ገባ። ልዩነት የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው የካይ ስኩዌር ፍተሻ ተሠርቶ ልዩነቱ ጉልህ የሆነው ሠንጠረዥ ዋናው ክፍል ውስጥ ይግባ፣ ልዩነት ያልታየበት አባሪ ላይ ይሂድ ነው የሚለው። በርግጠኝነት ነው የጻፈው። ሐሳቡ በከፊል ያስኬዳል። የሰፈሮቹ ልዩነት በዚህ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ከገጽ 61 ወጥቶ ፊት ይመጣ ነበር።

መልስ 4

ቀጥላ የገባችው ሐረር ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠራ ተማሪ ነች። የራሷን ችግር ይዛ ነው የመጣችው። አማካሪዋ እያንዳንዱ ጥያቄ የግድ የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው ብሏታል። እሷም SPSS የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚያወጣውን እንዳለ እየቀዳች አራተኛው ምዕራፍ ላይ 44 ሠንጠረዥ ለጥፋለች። አንዱን በፎቶ አሳየችን። ጥያቄው ዋናው የውሃ ምንጫችሁ ምንድን ነው የሚል ነው። መልሶቹ ቧንቧ፣ ቦኖ፣ ጉድጓድና ሻጭ ናቸው። ከጎኑ `Cumulative Percent` የሚለው ዓምድ እንዳለ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ጣልቃ መግባት ነበረብኝ። ይህ ዓምድ መቶኛዎቹን ከላይ ወደ ታች እየደመረ የሚሄድ ነው። ለዕድሜ ወይም ለትምህርት ደረጃ ይሠራል፤ ከ30 ዓመት በታች ያሉት በድምር ስንት ናቸው የሚለውን ይነግራል። ቧንቧን ከቦኖ ጋር፣ ከዚያ ጉድጓድን ከሁለቱ ጋር ብትደምረው ግን የሚነግርህ ነገር የለም። ቅደም ተከተሉን ብትቀይረው ድምሩም ይቀየራል። ዓምዱን አጥፊው፣ ሠንጠረዡ በአንድ ሩብ ይጠብባል አልኳት። 44ቱን ምን ላድርጋቸው ለሚለው ግን መልስ አልነበረኝም። አማካሪዋ ያዘዘውን እኔ ልሽረው አልችልም።

መልስ 5

ከዚህ በኋላ ክሩን ያቀናው መልስ መጣ። የጻፉት ሐረር የሚኖሩ፣ በቤት ለቤት ጥናት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ እናት ናቸው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እትዬ በመጀመሪያ መምህሩን በአክብሮት አረሙ። ልዩነት አለመገኘቱ ራሱ ግኝት የሚሆንበት ጊዜ አለ አሉ። ምሳሌውን ከኔው ጥናት አወጡ። ያሠራኝ አካል ሮቶ ያላቸው ቤቶች ችግሩ አይነካቸውም ብሎ ያምን ነበር። ጥናቱ ግን ሮቶ ያለውም የሌለውም እኩል እንደሚቸገር ነው ያሳየው። ውሃው ሮቶውን የሚሞላ ግፊትና ጊዜ የለውማ። ሰው የሚያምነውን የሚያፈርስ ሠንጠረዥ ጉልህ ልዩነት የለውም ተብሎ አባሪ ላይ ሊቀበር አይገባም የሚል ነው ሐሳባቸው።

ከዚያ የራሳቸውን አሠራር ጻፉ። ሠንጠረዦቹን ገና ሳይነኩ፣ ሪፖርቱ በመጨረሻ የሚላቸውን ነገሮች በወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ ከ6 ወይም ከ7 አይበልጡም። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን፣ አንድ ሰው ውሸት ነው ቢላቸው አውጥተው የሚያሳዩትን አንድ ሠንጠረዥ ይጽፋሉ። ያ ሠንጠረዥ ዋናው ክፍል ውስጥ ይገባል። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱን እንኳ የማይደግፍ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢደከምበት አባሪ ላይ ይሄዳል። መጠኑ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ የሚለው መለኪያ አይደለም። ሰፊውን ማጥበብ ይቻላል፤ ሙሉው አባሪ ላይ ይቀመጥና አጭሩ ፊት ይወጣል። ከአጭሩ ግርጌ ሙሉው የት እንዳለ በቁጥር ይጻፋል።

የኔን ሪፖርት በዚህ ሲመዝኑት ስህተቱ ወዲያው ታያቸው። ምክረ ሐሳቤ ቦቴው ወደ ሐ እና መ ይሂድ ይላል። ዋናው ክፍል ውስጥ ግን ሐ እና መ የሚሉ ፊደላት ያሉበት አንድም ሠንጠረዥ የለም።

ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ። ልክ ናቸው።

መልስ 6

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ያያዝኳቸውን ሁለት ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። ዋናው ክፍል ላይ 38 ከመቶ፣ አባሪው ላይ ግን በድምሩ ረድፍ 31 ከመቶ ይላል። የቱን እንመን ብሎ በቁጣ ጠየቀ። ሁለት ቁጥር ያለው ሪፖርት እሱ ጋ ቢመጣ እንደማይፈርምበትም ጨመረ።

ተቆጥቶ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነበር። ፈልጌ አገኘሁት። ውሃ የሚያገኙት በሳምንት ከ2 ቀን ባነሰ ጊዜ የሆኑት 118 ቤቶች ናቸው። ቧንቧ ያላቸው ቤቶች 312 ናቸው፤ 72ቱ ስለሌላቸው ጥያቄው ተዘልሎላቸዋል። 118 ለ312 ሲካፈል 38 ከመቶ ነው። ለ384 ሲካፈል 31 ከመቶ ይሆናል። ዋናው ክፍል ላይ የቀዳሁት `Valid Percent` የሚለውን ዓምድ ነው፤ አባሪው ላይ በድምሩ ረድፍ ደግሞ `Percent` የሚለውን፤ የየሰፈሩ ረድፎች ግን ቧንቧ ካላቸው ቤቶች ነው የተሰሉት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከስንት ቤት እንደተሰላ ግን የትም አልጻፍኩም።

መልስ 7

እትዬ ተመልሰው መጡ። ሒሳብ ሠራተኛው ያነሣው ነገር እሱ ካሰበውም የከፋ ነው አሉ። ሰፈር መ ውስጥ 79 ከመቶ ያልኩት ቧንቧ ካላቸው 52 ቤቶች ብቻ ነው። የቀሩት 44 ቤቶች ጭራሽ ቧንቧ የላቸውም። ከሁሉም የባሰባቸው ቤቶች ከሠንጠረዡ ወጥተዋል ማለት ነው። ጥያቄ ሲዘለል የሚዘለለው ሰው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ማየት እንደሚገባ አሳሰቡኝ።

ከዚያ ዋናው ክፍል ውስጥ መግባት ያለበትን ሠንጠረዥ ራሳቸው ሠርተው ላኩ። የሁሉም ሰፈር መነሻ 96 ቤት ነው፤ ማንም አይዘለልም።

| ሰፈር | ቧንቧ የሌለው | ከ2 ቀን በታች | 2 ቀንና በላይ | የተቸገረ በድምር |
|---|---|---|---|---|
| መ | 44 | 41 | 11 | 85 (89%) |
| ሐ | 14 | 53 | 29 | 67 (70%) |
| ለ | 8 | 15 | 73 | 23 (24%) |
| ሀ | 6 | 9 | 81 | 15 (16%) |

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሰፈሮቹ በፊደል ተራ አልተቀመጡም፤ የባሰበት ከላይ ነው። መቶኛውም ነጥብና ሽርፍራፊ የለውም። እኔ ብሆን 88.54 ብዬ ነበር የምጽፈው። 96 ቤት ላይ አንድ ቤት ራሱ ከአንድ ከመቶ በላይ ስለሆነ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉት አኃዞች ያልለካነውን ነገር የለካን ያስመስሉናል አሉኝ። ሙሉው ሠንጠረዥ ከ0 እስከ 7 ቀን ተዘርዝሮ አባሪ ላይ ይቆያል።

መልስ 8

አንድ ዲዛይነር ሠንጠረዥ ማን ያነባል፣ ክብ ቻርት ይሻላል ብሎ ገባ። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ፣ አራት ባለ ቀለም ክብ ቻርት ሠርቶ ለጠፈ። ውፍረት ሰጥቷቸው ወደ ጎን ዘንበል አድርጓቸዋል። ያምራሉ።

መልስ 9

ሒሳብ ሠራተኛው ወዲያው ተነሣበት። ሐ እና መ ዘንበል ባለው ቻርት ላይ እኩል ነው የሚመስሉት፤ ወደ ፊት የመጣው ቁራሽ ከመጠኑ በላይ ይተልቃል። ያለው እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር። ዲዛይነሩም ተናዶ፣ የሒሳብ ሰዎች ሰው የማያነበውን ወረቀት በማምረት ጎበዝ ናቸው ብሎ መለሰለት። ለጥቂት መልሶች ክሩ ስድብ ወደሚመስል ነገር ወርዶ ነበር። መምህሩ አቦ ተዉ ብሎ ገብቶ አረጋጋቸው።

መልስ 10

ያስታረቃቸው ቀዚራ ውስጥ የኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው። ሪፖርት ሲመጣለት አንዱ ቅጂ በቀለም ታትሞ የቀረው 20 እና 30 ጥቁርና ነጭ ኮፒ እንደሚደረግ ነገረን። የዲዛይነሩን ቻርት አትሞ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ፎቶ አንሥቶ ላከልን። ቀይና ሰማያዊው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። የትኛው ቁራሽ የትኛው እንደሆነ የሚያስረዳው ሣጥንም አብሮ ግራጫ ነው።

የሱ ምክር፣ ዋናው ክፍል ውስጥ የሚገባ ቻርት ከመጽደቁ በፊት አንዴ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ይታይ፣ ስሙም ቁጥሩም እዚያው አሞሌው ላይ ይጻፍ የሚል ነው። ዲዛይነሩ ይህን ያለ ክርክር ተቀበለ። ተጋድመው የተደረደሩ አራት አሞሌዎች ሠርቶ መለሰልን። ጥቁር፣ ነጭና ሰረዝ ብቻ ነው የተጠቀመው። ሪፖርቱን ሳርም ያስገባሁት ይህን ነው። የእትዬ ሠንጠረዥ ከሥሩ አለ።

መልስ 11

እዚህ ጋ ያልተቋጨ ክርክር ተነሣ። የመጀመሪያው የሳቢያን ልጅ ስለ ፆታ፣ ዕድሜና ትምህርት የሚናገሩት ሠንጠረዦች በሙሉ አባሪ ላይ ይሂዱ አለ። አራት ገጽ እነሱን አገላብጦ ነው አንባቢው ወደ ውሃው የሚደርሰው። መምህሩ አልተስማማም። ማን እንደተጠየቀ ሳይታወቅ መልሱ እንዴት ይታመናል ባይ ነው።

የኔን ሁኔታ ነገርኳቸው። ከ384ቱ መላሾች 272ቱ ሴቶች ናቸው፤ 71 ከመቶ። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወጥተው 5 ሰዓት ላይ ይመለሱ ነበር። በዚያ ሰዓት ወንዱ ሥራ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድሬ የበርጫና የዕረፍት ከተማ ናት፤ በር የሚከፍት የለም።

መምህሩ እንግዲያው መልሱን በፆታም በሰፈርም ከፍለህ ዋናው ክፍል ውስጥ አሳይ አለኝ። እትዬ ይህን ከለከሉ። ወንዶቹ 112 ናቸው፤ ለ4 ሰፈር ሲካፈሉ በአማካይ 28 ይደርሳል። 28 ሰው ላይ የወጣ መቶኛ ከ18 ነጥብ በላይ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ዋናው ክፍል ውስጥ ከገባ አንድ ሰው አንሥቶ ይከራከርበታል። አባሪ ላይ፣ ያውም በመቶኛ ሳይሆን በሰው ቁጥር ብቻ ይቀመጥ አሉ።

እኔ 71 ከመቶውንና የሰዓቱን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ዋናው ክፍል ውስጥ ጽፌ፣ ሠንጠረዦቹን ወደ አባሪ ወሰድኳቸው። መምህሩ እስካሁን አልተዋጠለትም። ቢያንስ አንድ አጭር ሠንጠረዥ ዋናው ክፍል ውስጥ ይኑር እያለ ነው። እትዬም በዚህ ላይ አቋማቸውን አልነገሩንም።

መልስ 12

የሰዓቱ ነገር ሲነሣ ክሩ ትንሽ መስመር ለቀቀ። የድሬን ሙቀት ከሐረር ብርድ ጋር የሚያነጻጽሩ አራት አምስት መልሶች መጡ። በመሃሉ ግን አንድ ሰው ጥሩ ነገር ጠየቀ። መጠይቁ በስንት ቋንቋ ነበር የሚል ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው የጠየቅነው። አባሪው ላይ ግን ያስገባሁት የአማርኛውን ብቻ ነበር። ገጽ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ሦስቱም ካልገቡ ሰው ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ማጣራት አይቻልም አለኝ።

መልስ 13

ይህ ከባድ ነበር። በዚያው ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆና የሠራች ልጅ ክሩን አግኝታ ጻፈች። ቧንቧ አላችሁ ወይ የሚለውን ጥያቄ ሰዉ እኩል አልተረዳውም። አንዳንዱ ግቢው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የቆጠረው። ከቦኖ የሚቀዳው ደግሞ አለን ያለበት ጊዜ ነበር። እሷ የሠራችው ሰፈር መ ውስጥ ነው። ግር ሲላት በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቦኖ ብላ ትጽፍ ነበር። ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ አታውቅም።

ስለዚህ 44 ያልነው ቁጥር ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። 41ዱም ሊያንስ ይችላል።

መልስ 14

እትዬ ልጅቷን ስለ ሐቀኝነቷ አመሰገኗት። የሁለቱ ዓምድ ድምር ብዙ ላይናወጥ ይችላል፤ ከቦኖ የሚቀዳው ቤት ከ2 ቀን በታች ውስጥ ተቆጥሮ ከነበረ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው መዛወሩ ነው። 2 ቀንና በላይ ውስጥ ከተቆጠረ ግን 85ቱም ከፍ ይላል። ወረቀቱ ሳይታይ የቱ እንደሆነ መናገር አይቻልም። እስኪጣራ ድረስ የጥያቄው ቃል እንዳለ ከሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፍ፣ ስለ ቦኖው አንድ መስመር ይጨመር አሉ። ይህንን ማስጠንቀቂያ አባሪ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቁጥሩ ካለበት ገጽ ላይ ነው ቦታው።

የሰፈር መ 96ቱ ቅጾች ቤቴ ካርቶን ውስጥ አሉ። ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። ጠርዛቸውን እያየን አንድ በአንድ እንቆጥራቸዋለን። ያገኘነውን እዚሁ መልስ 15 አድርጌ እጽፈዋለሁ።